44 ፊደል እንዴት 122 ሆነ? ስለ ሩሲያኛ ሰብታይትል

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። ደሴ ላይ የሠራነው የ14 ደቂቃ አጭር ፊልም አለን። ታሪኩ አንዲት አያት ሊሄድ የተነሳ የልጅ ልጃቸውን በቡና ሲያቆዩት ነው። ሩሲያ ላለ ፌስቲቫል ልከነው 'ሰብታይትሉ ይፈጥናል፣ መስመሩም ይረዝማል' ብለው መለሱት። በመስመር 39 ፊደል፣ ቢበዛ ሁለት መስመር፣ በሰከንድ ከ17 ፊደል ያልበለጠ ይላሉ። የተረጎመልን ልጅ ሩሲያ የተማረ ነው፤ 'ቃሉ ትክክል ነው' ይላል። እኛም ስናየው ፈጠነ አላለንም። ለምሳሌ አያቱ በአራት ሰከንድ 'አብሽር ልጄ፤ አላህ ያለው አይቀርም፤ በል በረካውን ሳትጠጣ እንዳትወጣ' ይሉታል። ይሄ እንዴት ይጠር?»

መልስ፦

ለእናንተ ያልፈጠነበት ምክንያት ቀላል ነው፤ አታነቡትም። ጆሯችሁ አማርኛውን ይሰማል። አያቱ አፋቸውን ሲከፍቱ ነገሩ ገብቷችኋል፤ ከታች ያለው ጽሑፍ ሮጠም ቆመ ግድ አይሰጣችሁም። የተረጎመላችሁም ልጅ እንደዚያው ነው። ሁለቱንም ቋንቋ ስለሚያውቅ ዓይኑ ያልደረሰበትን ጆሮው ይሞላለታል። ካዛን ወይም ሞስኮ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ግን ያለው ዓይኑ ብቻ ነው። በዚያው ዓይኑ ደግሞ የአያቱን ፊት፣ ጀበናውንና በሩ አጠገብ የተቀመጠውን ሻንጣ ማየት አለበት። ሻንጣውን ካላየ ፊልማችሁን አላየም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ድምፁን ሙሉ በሙሉ አጥፉና ተርጓሚውን ስክሪኑ ፊት አስቀምጡት። ጽሑፉን እያነበበ ፊልሙ ላይ ያለው ልጅ በየትኛው እጁ ሲኒውን እንደያዘ ይንገራችሁ። የማይነግራችሁ ቦታ ላይ ሰብታይትሉ ፈጥኗል ማለት ነው። ፌስቲቫሉ የነገራችሁን እናንተም ታዩታላችሁ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በሰከንድ 17 ፊደል ሲባል ክፍት ቦታውም፣ ነጠላ ሰረዙም፣ ነጥቡም ይቆጠራል። ሩሲያኛ ቃሉ ረዘም ስለሚል በሰከንድ ሁለት ተኩል ቃል ገደማ ማለት ነው። ይሄ ጣሪያው ነው እንጂ የሚደረስበት ግብ አይደለም። እኔ 14 ወይም 15 ላይ ለመቆም እሞክራለሁ፤ 17ን ሌላ መላ ሳጣ ብቻ እነካታለሁ። አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁለት ሙሉ መስመር 78 ፊደል ነው። 78ን ለ17 ብታካፍሉት 4.6 ሰከንድ ይመጣል። ሁለቱም መስመር ጢም ብሎ ከአራት ሰከንድ ተኩል በታች የሚቆይ ሰብታይትል ካላችሁ፣ መስመሩ ልክ ቢሆንም ፍጥነቱ አልፏል። ብዙ ሰው 39ን ብቻ ይጠብቅና ሁለተኛውን ይረሳዋል።

የእናንተ ችግር ግን ሥሩ ሌላ ቦታ ነው። ተርጓሚያችሁ ቃሉ ትክክል ነው ያለው እውነቱን ነው። የተሳሳተው አማርኛውን ወረቀት ላይ አይቶ «አጭር ነው» ብሎ ማሰቡ ላይ ነው። የኛ ፊደል ያታልላል። «ጣ» አንድ ፊደል ናት፤ ሩሲያኛ ለእሷ ሁለት ፊደል ያወጣል። በዚያ ላይ የኛ ግስ ሁሉን በሆዱ ይዞ ነው የሚዞረው። ማን እንዳደረገ፣ ለማን እንዳደረገ፣ አለማድረጉንም ጭምር። «አልመጣችልንም» ስምንት ፊደል ነው። በሩሲያኛ እንዲህ ይወጣል፦

```
Она к нам не пришла.
```

አምስት ቃል፣ ከነነጥቡ 20 ፊደል። አንድ የአማርኛ ቃል አምስት ሆኖ ተበተነ። ስለዚህ አማርኛውን ቆጥራችሁ የሩሲያኛውን ርዝመት መገመት አትችሉም። መቁጠር ያለባችሁ ሰከንዱን ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ገና አንድ ቃል ሳትተረጉሙ ለእያንዳንዱ ንግግር መግቢያና መውጫ ሰዓት አውጡ። ቆይታውን በ17 አባዙ። የመጣውን ቁጥር ከንግግሩ ጎን ጻፉ። ተርጓሚው አማርኛውንና ያቺን ቁጥር አንድ ላይ ይቀበላል። ኪሱ ውስጥ ያለውን ብር እያወቀ ገበያ እንደሚወጣ ሰው ይሆናል። እናንተ ያደረጋችሁት ግን ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ ሁሉም ተተረጎመ፣ ከዚያ ሰዓቱ ላይ በጉልበት ተጠቀጠቀ።

እንግዲህ አያቱ ጋ እንሂድ። የላካችሁልኝ ሩሲያኛ ይሄ ነው፦

```
Не волнуйся, сын мой, то, что сказал Аллах,
обязательно сбудется, и не вздумай уходить,
пока не выпьешь третью чашку кофе.
```

አማርኛው ከነክፍት ቦታው 44 ነው። ሩሲያኛው 122። አራት ሰከንድ ውስጥ ሲገባ በሰከንድ 30 ያልፋል። ሦስት መስመር ነው፣ ሁለቱ ደግሞ ከ39 ይበልጣሉ። በምቾት እንዲነበብ ከሰባት ሰከንድ በላይ ይፈልጋል፤ አንድ ሰብታይትል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሰባት ሰከንድ በላይ ስክሪን ላይ እንዲቆይ አይፈቀድም፤ ሰው ጨርሶ እንደገና ማንበብ ይጀምራል።

ፊልሙን ደጋግሜ አየሁት። አያቱ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አይሉትም። «አብሽር ልጄ፤ አላህ ያለው አይቀርም» ብለው ሲኒውን ያነሳሉ። ከዚያ ነው «በል» የሚሉት። ያቺ «በል» ሌላ ንግግር ናት፤ ድምፃቸውም ይለወጣል፣ ከማጽናናት ወደ ማዘዝ ይሻገራሉ። ስለዚህ ሰብታይትሉ እዚያ ላይ ለሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ከ3 ደቂቃ 12 ሰከንድ ተነስቶ እስከ 14.2 ይቆያል። 2.2 ሰከንድ ነው፤ አቅሙ 37 ፊደል። ሁለተኛው 14.3 ላይ ይገባል። ንግግሩ 16.2 ላይ ያልቃል፤ ልጁ የሚመልሰው ግን 17.8 ላይ ነው። መሃል ላይ አያቱ ዝም ብለው ይቀዳሉ። ይሄ ዝምታ ሀብታችሁ ነው። ሰብታይትል ንግግሩ ሲያልቅ አብሮ መጥፋት የለበትም፤ ቀጣዩ ንግግር ወይም የምስል ቅያሬው እስኪቃረብ ድረስ አንድ ሰከንድ ያህል ቢቆይ ማንም አያስተውለውም። መግቢያው ግን ከንግግሩ ጋር መግጠም አለበት፤ ቀድሞ ከገባ ወሬውን ከአፋቸው ይነጥቃል።

አሁን ቃሉ። «አብሽር»ን «አትጨነቅ» ብሎ መተርጎም ስህተት አይደለም፤ ግን ቀዝቃዛ ነው። ወሎ ውስጥ አብሽር ሲባል ትከሻ መታ እንደማድረግ ነው። ሩሲያኛ «ኔ ጋርዩይ» የሚባል አለው፣ አትዘን፣ አይዞህ እንደማለት፤ አሮጊት ሴት አፍ ላይም ያምራል፣ ያጥራልም። «ልጄ»ን «ሲን ሞይ» ማለት ደግሞ ቃል በቃል ልክ ሆኖ ሳለ ፊልሙን ያበላሻል። ሩሲያዊው ያን ሲያነብ አያት አይታየውም፤ ንስሐ የሚቀበል ቄስ ነው የሚታየው። አያት «ሲኖክ» ነው የምትለው፤ የራሷ ልጅ ላልሆነ ወጣትም ትለዋለች። «አላህ ያለው አይቀርም» ያለ ምንም መጣመም የሚቀመጥበት የሩሲያኛ አባባል አለ፣ «ሁሉም በአላህ ፈቃድ ነው» የሚል፤ ሩሲያኛ የሚናገሩ ሙስሊሞች ዘወትር ይሉታል። ሦስቱ ሲገጣጠሙ፦

```
1
00:03:12,000 --> 00:03:14,200
Не горюй, сынок. На всё воля Аллаха.
```

36 ፊደል፣ አንድ መስመር፣ በሰከንድ 16.4። ገባ። ልብ በሉ፣ የቀነስነው ሐሳብ የለም። የቀነስነው የቃል በቃል ትርጉሙን ነው።

ሁለተኛው ይከብዳል፤ በረካ አለበት። ሦስተኛው ሲኒ መሆኑን ትነግሩታላችሁ ወይስ በረከት መሆኑን? ጊዜ ባይኖር እንዲህ ይበቃ ነበር፦

```
Без третьей чашки не пущу.
```

«ሦስተኛውን ሳትጠጣ አልለቅህም።» 26 ፊደል፤ በሁለት ሰከንድ ይነበባል። ነገር ግን የእናንተ ፊልም በሙሉ የቆመው በዚያ ሲኒ ላይ ነው። አያቱ ልጁን የሚያቆዩት በቡናው ሱስ አይደለም፤ ሳይመረቅ እንዳይወጣ ነው። ሩሲያዊው ሦስተኛ ሲኒ ሲባል «አሮጊቷ ቡና ትወዳለች» ብሎ ያልፋል። ዝምታው የሰጠንን ትርፍ ሰከንድ እዚህ ላይ ነው የምናወጣው፦

```
2
00:03:14,300 --> 00:03:17,300
Третья чашка – благословение.
Не выпьешь – не пущу.
```

«ሦስተኛው ሲኒ በረከት ነው። ካልጠጣህ አልለቅህም።» 29 እና 21፣ በድምሩ 50። መጀመሪያ መውጫውን 17.2 ላይ አድርጌው ነበር፤ በሰከንድ 17.2 መጣ። አንድ አሥረኛ ሰከንድ ጨመርኩ፣ 16.7 ሆነ። ቃል ከመቁረጥ በፊት እንዲህ ዓይነት ቁራጭ ጊዜ ፈልጉ። ከልጁ መልስ በፊት አሁንም ግማሽ ሰከንድ ባዶ ስክሪን አለ፤ ዓይን ያርፍበታል።

አንድ ጊዜ እንዲህ ከተነገረው በኋላ ተመልካቹ ሦስተኛው ሲኒ ምን እንደሆነ ያውቃል። መጨረሻ ላይ ልጁ በር ላይ ቆሞ «በረካው» ሲል «ሦስተኛው» ብቻ ብትሉ ይገባዋል። ባህል ያለበት ቃል ሁሉም ቦታ ላይ አይብራራም። ጊዜ ያለበትን ቦታ ፈልጋችሁ አንዴ ትከፍሉበታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ በነፃ ትጠቀሙበታላችሁ።

ጎረቤቲቱ የምትገባበት ትዕይንት ላይ ደግሞ ተርጓሚያችሁ ምንም አልተወም። «እንዴት አደራችሁ፣ ደህና ናችሁ ወይ፣ ልጆቹ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ እናንተስ» ሁሉንም አስገብቶታል። ሁለቱ ሴቶች አንዷ በአንዷ ላይ ነው የሚናገሩት፤ ሰላምታ ወሎ ውስጥ ተራ አይጠብቅም። ማንም አንባቢ ይሄን አይከተለውም፤ መከተልም የለበትም። የሰላምታው መደራረብ ራሱ ድምፅ ነው፣ ሩሲያዊውም ይሰማዋል። ጥያቄና መልስ አንድ አንድ ይበቃዋል፦

```
- Как вы? Как дети?
- Хвала Аллаху.
```

«እንዴት ናችሁ? ልጆቹስ?» «ምስጋና ለአላህ።» ይሄንን ሦስት ሰከንድ ያህል አቆዩት፤ ቀሪው ሰላምታ ያለ ጽሑፍ ይፍሰስ። ሁለት ሰው ሲናገር እያንዳንዱ በየመስመሩ ሰረዝ ይዞ ይገባል። እዚሁ ላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጎረቤቲቱ «እግዜር ይስጥልኝ» ስትል ተርጓሚያችሁ «አላህ» ብሎታል፤ አንድ ወጥ ይሁን ብሎ መሰለኝ። አይሁን። አያቱ አላህ ይላሉ፣ ጎረቤቲቱ እግዜር ትላለች፣ ቡናው አንድ ነው። ወሎን ለማያውቅ ሰው ያ ፊልማችሁ ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ አዲሱ ሳይሆን አይቀርም። ለሷ «ቦግ» የሚለውን አስገቡ፤ ሦስት ፊደል ነው፣ እንዲያውም ያጥርላችኋል።

ቀጥሎ «አንቱ»። ልጁ አያቱን አንቱ ይላል። ሩሲያኛም አንተና አንቱ አለው፣ «ቲ» እና «ቪ»። ግን ሩሲያ ውስጥ የዛሬ ልጅ አያቱን «ቲ» ነው የሚለው። «ቪ» ካላት ወይ የጥንት ሰው ይመስላል፣ ወይ የተጣሉ ይመስላል። ርዝመትም አለው። «ተቀመጥ» እና «ይቀመጡ» እንዲህ ናቸው፦

```
Садись.
Садитесь.
```

ሁለት ፊደል ናት ልዩነቷ፤ 14 ደቂቃ ሙሉ ስትደጋገም ግን ትጠራቀማለች። በሌላ ፊልም ቢሆን ያለ ብዙ ማሰብ «ቲ» አድርጉት እላችሁ ነበር። የናንተ ላይ ግን ዘጠነኛው ደቂቃ አለ። ልጁ ተናዶ «ተይኝ እስቲ!» ይላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አያቱን አንቺ አላቸው። አያቱ ጀበናውን የሚያስቀምጡበት አኳኋን የተለወጠው ለዚያ ነው። ከመጀመሪያው «ቲ» ካደረጋችሁት ያቺ ቅጽበት ሩሲያኛ ውስጥ የለችም። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ያረጀ ቢመስልም «ቪ» ይሁን፣ ስምንት ደቂቃ ተኩል ሙሉ ይቆይ፣ ዘጠነኛው ላይ ይሰበር። ሁለት ፊደሏን ከሌላ ቦታ እናመጣለን።

ከየት? ሩሲያኛ እኛ የማናስበው ቁጠባ አለው። በአሁን ጊዜ «ነው» የሚባል ቃል የለውም። ነገሩ ግልጽ ከሆነ ግሱንም ይጥለዋል። ልጁ «ሁለት ሰዓት ላይ መኪናው ይነሳል» የሚለው የተተረጎመው እንዲህ ነበር፦

```
Автобус отправляется в два часа.
```

32 ፊደል። ሩሲያዊ ሰው በአፉ የሚለው ይሄ ነው፦

```
Автобус в восемь.
```

17። «አውቶብሱ በስምንት» ብቻ። ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሰዓቱም እንደተለወጠ አያችሁ? የኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት የእነሱ ስምንት ነው። እንደነበረው ብትልኩት ተመልካቹ አውቶብሱ ከሌሊቱ ወይም ከቀኑ በሁለት የሚነሳ ይመስለዋል፤ መስኮቱ ላይ የጠዋት ፀሐይ እያየ ግራ ይገባዋል። ሰዓትና ዓመት ያለበትን ንግግር ሁሉ ለብቻ አውጥታችሁ ፈትሹ። ይሄ ስህተት በየትኛውም የፊደል ቆጣሪ አይያዝም።

ቆጣሪ የማይዘው ሌላም አለ፤ እኔው ራሴ የተዋረድኩበት ነው። አንድ ጊዜ ፊልሙን ሳላይ ከስክሪፕት ብቻ ተረጎምኩ። «ደክሞኛል» የሚል መስመር ነበር። በአማርኛ «ደክሞኛል» የምትለው ሴት ትሁን ወንድ አይታወቅም። ሩሲያኛ ግን ሳይለይ አይንቀሳቀስም፦

```
Я устал.
Я устала.
```

የላይኛው ወንድ፣ የታችኛው ሴት። እኔ ከወንድ ንግግር ጋር አያይዤ የላይኛውን ጻፍኩ። ተናጋሪዋ እናቱ ነበረች። አሳዛኝ ትዕይንት ላይ አዳራሹ ሳቀ ብለው ነገሩኝ። እናንተም «መጣሁ»፣ «በላሁ»፣ «ረሳሁት» የሚሉትን ሁሉ ምስሉን እያያችሁ አረጋግጡ። በተለይ ከበር ውጭ ድምፁ ብቻ የሚሰማ ሰው ሲኖር።

የመስመር አቆራረጥን በአንድ ምሳሌ ልለፈው። ሩሲያኛ አንድና ሁለት ፊደል ብቻ ያላቸው መስተዋድዶች አሉት። ከኋላቸው ከሚመጣው ስም ጋር ነው የሚነበቡት፤ እንደኛ «በ» እና «ከ» ናቸው፣ የሚለዩት ተነጥለው በመጻፋቸው ብቻ። ሶፍትዌሩ በራሱ ሲቆርጥ ግን እንዲህ ያደርጋል፦

```
Он вернулся домой с
отцом и не сказал ни слова.
```

የመጀመሪያው መስመር መጨረሻ ላይ ያለችው አንድ ፊደል «ከ» ናት፣ ከአባቱ ጋር ለማለት። «ከ» ብሎ መስመር እንደመጨረስ ነው፤ ዓይን ይደነቃቀፋል። እንዲህ መሆን አለበት፦

```
Он вернулся домой с отцом
и не сказал ни слова.
```

ፊደሉ ያው ነው፣ ሰከንዱ ያው ነው፤ ሲነበብ ግን ይፈጥናል። ስለዚህ ቁጥሩ አልፎ አሁንም «ይሮጣል» የሚል ስሜት የሚሰጣችሁ ሰብታይትል ካለ መጀመሪያ አቆራረጡን እዩ።

ሥራውን `Subtitle Edit` ላይ ሥሩት፤ ነፃ ነው። ቅንብሩ ውስጥ የአንድ መስመር ርዝመት 39፣ የሰከንዱ ፊደል 17፣ አጭሩ ቆይታ አንድ ሰከንድ፣ ረጅሙ ሰባት ሰከንድ፣ በሁለት ሰብታይትሎች መሃል ያለው ክፍተት ሁለት ፍሬም አድርጉ። 25 ፍሬም ከሆነ 80 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። ከልክ ያለፈውን በቀለም ያሳያችኋል። ግን ሁሉም ቀለም ሲጠፋ አለቀ ብላችሁ አትነሱ። ቀለሙን ለማጥፋት ሲሉ ሰብታይትሉን ምስል ቅያሬ አሻግረው የሚጎትቱ አሉ። አያቱ የተናገሩት ጽሑፍ ልጁ ፊት ላይ ከቆየ ልጁ የተናገረው ይመስላል። ቅያሬው ጋ ከደረሳችሁ ሁለት ፍሬም ቀደም ብላችሁ አቁሙ፤ ካልበቃችሁ ያኔ ቃል ቁረጡ።

ስሞቹንም ከመላካችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ በሲሪሊክ ጽፋችሁ ለጥፉ። ሩሲያኛ ጠ፣ ቀ፣ ጨ የሉትም፤ ተርጓሚው በሄደበት ስሜት ይጽፋቸዋል። እናንተ ጋ የጎረቤቲቱ ስም በሦስት ዓይነት ተጽፎ አይቻለሁ። ተመልካቹ ሦስት ጎረቤት አለ ብሎ ይቆጥራል። ከሦስቱ አጭሩን ምረጡና እሱን ብቻ ያዙ።

ፋይሉን ስታስቀምጡ ኢንኮዲንጉ `UTF-8` መሆኑን እዩ። ዘግታችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። «ፕሪቭዬት» የሚለው ሰላምታ በዚህ መልክ ከመጣባችሁ፦

```
РџСЂРёРІРµС‚
```

ፋይላችሁ አልተበላሸም፤ የከፈተው ፕሮግራም በድሮው የዊንዶውስ ሲሪሊክ ኢንኮዲንግ እያነበበው ነው። እዚያ ላይ እንዳለ «አስቀምጥ» ካላችሁት ግን ያኔ በእርግጥ ይበላሻል፤ ሳታስቀምጡ ዝጉትና `UTF-8` መርጣችሁ እንደገና ክፈቱ። ጽሑፉን ምስሉ ላይ አትማችሁ እንድትልኩ ከጠየቋችሁ ደግሞ የአማርኛውን ርዕስ የጻፋችሁበትን ፎንት አትጠቀሙ፤ ሲሪሊክ የሌለው ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ባዶ ሳጥን ይደረድርላችኋል። ያው ካልጠየቋችሁ `.srt` ፋይሉን ለብቻው ላኩ። ነገ «አንድ ሰከንድ ዘግይቷል» ቢሏችሁ ፊልሙን እንደገና ኤክስፖርት ሳታደርጉ ታስተካክሉታላችሁ።